ከሁለተኛው ወር በኋላ ለምን ይጠፋሉ? በአንዲት የቲቢ ወረቀት ላይ የተደረገ ውይይት

መክፈቻው

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈተችው በቲቢ ክትትል ክፍል የምትሠራ ነርስ ናት። ለታካሚዎቿ ያዘጋጀችውን የአንድ ገጽ ጽሑፍ ለጠፈችና፣ የጤና ትምህርት የሌለው ሰው ቢያነበው ምን እንደሚገባው ጠየቀች። ወረቀቱ አጭር ነው። መድኃኒቱ በየቀኑ፣ በባዶ ሆድ፣ ለስድስት ወር ይወሰዳል ይላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራት ዓይነት መድኃኒት በአንድ ክኒን ውስጥ፣ ቀሪዎቹ አራት ወራት ሁለት ዓይነት። ከታች በደማቁ የተጻፈ መስመር አለ። ምንም ቢፈጠር ማቋረጥ ክልክል መሆኑን፣ ያቋረጠ ሰው ደግሞ ቲቢው መድኃኒቱን እንደሚላመድበት ይናገራል።

የልቧ ጥያቄ ግን ሌላ ነበር። ስድስት ወር የሚለው እንዲህ በትልቁ ተጽፎ እያለ፣ ሰዎች ሁለተኛውን ወር ጨርሰው ድምፃቸውን የሚያጠፉት ለምንድን ነው? የትኛው ዓረፍተ ነገር ቢቀየር ይመለሳሉ?

ክሩን ከላይ እስከ ታች አንብቤዋለሁ። ምስጋና ብቻ የጻፉትን እየዘለልኩ፣ ቁም ነገር ያለበትን እንደ ቅደም ተከተሉ ላውራችሁ።

መልስ 1

በጣም ጨዋ ሰው ነው። ነርሷን አመሰገነ፣ ፊደሉ ተለቅ እንዲል ጠየቀ፣ ዓይናቸው የደከመ አዛውንቶችን አስቡ ብሎ ወጣ። ልክ ነው፤ ግን ሰው ሁለተኛው ወር ላይ የሚጠፋው ፊደል ስላነሰበት አይደለም።

መልስ 2

ሕክምናውን ጨርሳ የዳነች ሴት ናት። ወረቀቱ ላይ የሌለውን ነገር አነሳች። የመጀመሪያ ቀን ክኒኗን ወስዳ ጥቂት ሰዓት ቆይታ ሽንት ቤት ስትገባ፣ ሽንቷ ብርቱካናማ ሆኖ አየችው። ደም መሰላት። ኩላሊቴ አለቀ ብላ ለማንም ሳትናገር መድኃኒቱን ተወችው። ቀናት አልፈው ጎረቤቷ ነው የመለሳት፤ እሱም ቀድሞ ታክሞ ስለነበር ሳቀባት። ቀለሙ ከአራቱ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው የሪፋምፒሲን ነው። ሽንት ብቻ ሳይሆን ላብንና እንባንም ያቀልማል፤ ለስላሳ የዓይን ሌንስ የሚያደርግ ሰው ከሆነ ሌንሱ ቀለም ይዞ ይቀራል። ጉዳት ግን የለውም። እሷ እንደምትለው፣ ይህች አንዲት መስመር የወረቀቱ አናት ላይ ብትኖር ኖሮ አንድም ቀን አታቋርጥም ነበር።

ነርሷ ወዲያው ተቀበለቻት። በቃል እንደምትነግር፣ ግን በዚያ ቀን ታካሚው ገና የበሽታውን ስም ሰምቶ ስለሚደነግጥ ከምትነግረው ግማሹ እንኳ ጆሮው እንደማይገባ ጻፈች።

መልስ 3

እዚህ ላይ ድምፁ ከፍ አለ። ጸሐፊው ወረቀቱ ለስላሳ ነው ባይ ነው። ሰው የሚሰማው ሲፈራ ብቻ ስለሆነ፣ ያቋረጠ ሁሉ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ይዞት እንደሚሞት በቀይ ይጻፍ፣ የከሳ ሰው ሥዕልም ይደረግበት አለ። አንድ ቀን እንኳ የዘለለ ሰው ከዜሮ እንደሚጀምር ጨመረበት። ይህን ከአጎቱ እንደሰማው ተናገረ፤ አጎቱ ማን እንደሆኑ ግን አልነገረንም።

መልስ 4

በክሩ ውስጥ ነገሩን በደንብ የሚያውቀው ይህ ሰው ነው። ረጅም ዓመት ቲቢ ያከመ ሐኪም ይመስላል፤ ማዕረጉን ግን አልጠቀሰም። ሦስተኛውን በእርጋታ ነው ያረመው።

መጀመሪያ የአንድ ቀኑን ነገር። አንድ ቀን የረሳ ሰው በዚያው ቀን ትዝ ካለው ይዋጠው። ቀኑ ካለፈ በማግስቱ የዕለቱን ብቻ ይውሰድ፤ ደርቦ አይዋጥ። የጎደለው ቀን መጨረሻ ላይ ይጨመራል። ከመጀመሪያ መጀመር የሚመጣው ማቋረጡ ሲረዝም ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ውስጥ ለሁለት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ የተቋረጠ ከሆነ በብዙ ቦታ እንደ አዲስ ይጀመራል። ይህንንም የሚወስነው አካሚው እንጂ ታካሚው አይደለም። አንድ ቀን ዘለልክና ከዜሮ ጀምር የተባለ ሰው ደግሞ ተስፋ ቆርጦ ጨርሶ ይቀራል። ማስፈራሪያው ራሱ ያስቀራል ማለት ነው።

ቀጥሎ የነርሷን ደማቅ መስመር አነሳ። ያቋረጠ ሰው ቲቢው ይላመድበታል መባሉ ግማሽ እውነት ነው አለ። ሁሉንም መድኃኒት በአንድ ላይ በጊዜ ያቆመ ሰው ላይ በብዛት የሚደርሰው ማገርሸት ነው። የሚያገረሸውም ባብዛኛው ያው ፊተኛው፣ መድኃኒት የሚገድለው ቲቢ ነው።

ምክንያቱን እንዲህ አስረዳ። ሳንባ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ኑሮ አይኖሩም። የሚበዙት በፍጥነት የሚራቡ ናቸው፤ እነሱን ሌላው ከአራቱ አንዱ የሆነው አይሶናያዚድ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እየጨፈጨፈ ይጨርሳቸዋል። ሳሉ የሚቀንሰው፣ ትኩሳቱና የሌሊት ላቡ የሚጠፋው፣ የምግብ ፍላጎት የሚመለሰው ለዚህ ነው። ጥቂቶቹ ግን ተኝተዋል። አይራቡም፣ ብዙም አይንቀሳቀሱም። መድኃኒቶቹ ደግሞ የሚይዙት የሚሠራን ባክቴሪያ ነው። የተኛውን ለማግኘት ሪፋምፒሲን አልፎ አልፎ ነቃ የሚልበትን ቅጽበት መጠበቅ አለበት፤ ያ ጥበቃ ነው ወራት የሚፈጀው። ሰውየው ግን ይህ ሁሉ አይሰማውም። የታመመው በበዙት ነበር፤ እነሱ ሞተዋል። የቀሩት አያስሉትም፣ አያተኩሱትም። እንግዲህ ይህ ሰው ድኛለሁ ቢል ምን ይፈረድበታል?

ታዲያ መላመድ የሚመጣው መቼ ነው? ባክቴሪያው ሲበዛ፣ ከሚሊዮን አንዱ ገደማ አይሶናያዚድን በተፈጥሮው የማይፈራ ሆኖ ይገኛል። ሳንባ ውስጥ የተፈጠረ አንድ ጉድጓድ ደግሞ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። አይሶናያዚድ ብቻውን ቢሰጥ እነዚያ ጥቂቶቹ ተርፈው ቦታውን ይወርሳሉ። ሌላ መድኃኒት አብሮ ካለ ግን የአንዱን ትርፍራፊ ሌላው ይገድለዋል። ስለዚህ አደገኛው ጨዋታ ሁለት ነው። አንደኛው ከመድኃኒቶቹ መርጦ መዋጥ፤ አራቱ በአንድ ክኒን የተጠቀለሉበት አንዱ ምክንያት ይህን ለመከላከል ነው። ሁለተኛው ሳምንት ወስዶ ሳምንት መተው፣ እንደገና መጀመር፣ እንደገና መተው። መድኃኒቶቹ ከደም የሚወጡት እኩል ስላልሆነ፣ በየመሃሉ አንዱ ብቻውን የሚቀርበት ጊዜ ይፈጠራል።

መልስ 5

ሦስተኛው ተመለሰ፤ ተናዷል። ምሁራን ፀጉር ሲሰነጥቁ ሰው እያለቀ መሆኑን፣ ታካሚው ማገርሸትና መላመድን ለመለየት ወረቀት እንደማይፈልግ ጻፈ። አነጋገሩ ሻካራ ነው። ግን አንድ ነጥብ አለው። አንድ ገጽ ላይ ይህ ሁሉ አይገባም።

መልስ 6

ይሄኛው ጥያቄውን ጨርሶ አላነበበም። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል እንዳለበት፣ ከመድኃኒት ቤት ምን ዓይነት አንቲባዮቲክ ቢገዛ እንደሚሻለው ጠየቀ። ሦስት ሰዎች ተረባርበው አክታውን ሄዶ እንዲያስመረምር ነገሩት። ሐኪሙ አንዲት ነገር ጨመረ፦ አንዳንዶቹ አንቲባዮቲኮች፣ በተለይ እነ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ሌቮፍሎክሳሲን ያሉበት ቤተሰብ፣ ቲቢን ሳይፈውሱ ለጊዜው ዝም ያሰኙታል፣ ምርመራውንም ያዘገያሉ። ሰውየው አመሰገነ። ሄደ አልሄደ አናውቅም።

መልስ 7

እኔን ከሁሉ የያዘኝ ይህ ነው። የጻፈችው የአንድ ታካሚ እህት ናት።

ወንድሟ ሕክምና ሲጀምር 48 ኪሎ ነበር፤ በቀን ሦስት ፍሬ ይሰጠው ነበር። እሷ በየጠዋቱ ውሃ ይዛ ትቆምበታለች። አንድም ቀን አልዘለለም። ሁለተኛው ወር ሲያልቅ አክታው ተመረመረ፤ ውጤቱ ኔጌቲቭ ተባለ። በዚያው ቀን የቀድሞው ክኒን ቀረና ሌላ ማሸጊያ ተሰጠው። ክኒኑ አነስ ያለ ነው፣ ቀለሙም የተለየ ነው። ልብሱ ጠቦት ነበር፣ ፊቱ ሞላ፣ ሥራም ተመለሰ።

በሦስተኛው ወር አጋማሽ ላይ ማሸጊያውን መሳቢያ ውስጥ አገኘችው፤ ሳይነካ። ስትጠይቀው አልተቆጣም፣ አልደበቀም። የውጤቱን ወረቀት አወጣና አሳያት። ሐኪሙ ራሱ ጀርም የለም ብሎ ጽፏል፣ ዋናውን መድኃኒትም አስቁሞታል፣ ይህ አዲሱ ማጠናከሪያ ነገር ነው አላት። ቫይታሚን መስሎት ነበር።

ወራት ቆይቶ ሳሉ ተመለሰ። መጀመሪያ ጉንፋን ነው አለ፤ ሌሊት አንሶላው በላብ መራስ ሲጀምር ግን ሁለቱም ገባቸው። በምርመራ ቲቢው ተገኘ፣ ሪፋምፒሲንን እንዳልተላመደም ታወቀ። አራተኛው መልስ ያለውን ሳታውቀው አረጋገጠችለት። እንደ አዲስ ስድስት ወር ወሰደ፤ አሁን ደህና ነው። ነገር ግን በዚያ በሚያስልበት ጊዜ ቤት ውስጥ ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ነበር። ልጁ ተመርምሮ ቲቢ አልተገኘበትም፣ የመከላከያ መድኃኒት ግን ለወራት መውሰድ ግድ ሆነ። ወንድሟን ያስለቀሰው የራሱ መታመም ሳይሆን ለልጁ ክኒን ሲፈጭ ማየት እንደነበር ጻፈች።

ወረቀት ተሰጥቶት ነበር ወይ ብሎ አንዱ ጠየቃት። ተሰጥቶታል። ስድስት ወር ይላል። እሱ ግን ያመነው ሌላኛውን፣ የላቦራቶሪውን ወረቀት ነው።

መልስ 8

የላቦራቶሪ ባለሙያ። ቁጥብ ሰው ነው፣ አራት መስመር ብቻ ጻፈ። በማይክሮስኮፕ አክታ ውስጥ ባክቴሪያው እንዲታይ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ5,000 እስከ 10,000 የሚሆን መኖር አለበት። ከዚያ በታች ከሆነ መርማሪው አያየውም፣ ኔጌቲቭ ብሎ ይጽፋል። አልዋሸም። ወረቀቱ የሚለው አልታየም ነው፤ ታካሚው የሚያነበው ደግሞ የለም ብሎ ነው።

አንድ ሰው ታዲያ የባክቴሪያውን ዘረመል በሚፈልገው መሣሪያ፣ በጂን ኤክስፐርት፣ ለምን አይከታተሉም ብሎ ሞገተው። መሣሪያው የሞተውን ባክቴሪያ ቅሪትም ስለሚያነሳ በመዳን ላይ ያለን ሰው አሁንም ታመሃል ሊለው እንደሚችል መለሰና ጠፋ።

መልስ 9

ነርሷ ተመለሰች። የሰባተኛዋን ጽሑፍ ደጋግማ እንዳነበበችው ተናገረች። ሰዎቹ የሚጠፉበት ቀን የምንም ሳይሆን የክኒኑ መቀየሪያ ቀን መሆኑ አሁን ታየኝ አለች። አራቱ ሁለት ሲሆኑ ሕክምናው የቀነሰ፣ ያለቀ ይመስላል። በዚያው ቀን ኔጌቲቭ የሚል ወረቀት ይሰጣል። በዚያው ሰሞን ሰውነት ይሞላል። ሦስቱም ተደርበው ድነሃል ይሉታል፤ የእሷ ወረቀት ብቻዋን አልዳንክም ትለዋለች፣ እሷም ሁለት ወር ሙሉ ኪስ ውስጥ ታጥፋ የከረመች ናት።

ስለዚህ ሁለተኛ ወረቀት ልታዘጋጅ ነው፤ ክኒኑ በሚቀየርበት ቀን የምትሰጥ። የመጀመሪያው ክፍል 56 ቀን፣ ሁለተኛው 112 ቀን መሆኑን ጎን ለጎን ማስቀመጥ አስባለች። ገና ሲሶው ላይ መሆኑን ሰውየው በዓይኑ እንዲያየው።

መልስ 10

ፋርማሲስት ነው። ሌላ መጥፊያ አሳያት። የክኒኑ ቁጥር በክብደት ነው። እሱ በሚሠራበት ሠንጠረዥ ከ40 እስከ 54 ኪሎ ሦስት ፍሬ፣ ከ55 ጀምሮ አራት ፍሬ ይሰጣል። 52 ኪሎ ሆኖ የጀመረ ሰው መድኃኒቱ ሠርቶለት 56 ቢገባ ክኒኑ ወደ አራት ያድጋል። አንድ ታካሚው ይህን ሲያይ በሽታው የባሰበት መስሎት በጣም እንደደነገጠ አወራ። የተጨመረው ስለተሻለው እንደሆነ ሲነግረው አላመነውም፤ ሚዛኑ ላይ አውጥቶ ነው ያሳመነው። ይህም ትጻፍ አለ።

ሪፋምፒሲን የሌሎች መድኃኒቶችን ጉልበት እንደሚቀንስም አስታወሰ። የወሊድ መከላከያ ክኒን የምትወስድ ሴት ሌላ ዘዴ ያስፈልጋታል። ዶሉቴግራቪር የተባለውን የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ በቀን አንዴ የነበረው ሁለቴ ይሆንለታል። ወረቀቱ ይህን ሁሉ መዘርዘር የለበትም፤ የምትወስደውን ማንኛውንም መድኃኒት ንገረን ቢል ይበቃል።

መልስ 11

አንድ ወጣት ስድስት ወር የድሮ ነገር መሆኑን፣ አሁን በአራት ወር እንደሚያልቅ በድፍረት ጻፈ። ስለዚህ በአራተኛው ወር ያቆመ ሰው ምንም አይሆንም ባይ ነው።

ሐኪሙ እዚህ ላይ ትዕግሥቱ ትንሽ ሳሳ። የአራት ወር ሕክምና መኖሩ እውነት ነው። ውጤቱ በ2021 ታትሟል፣ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ዕድሜያቸው 12 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች እንደ አማራጭ ተቀብሎታል። ግን መድኃኒቶቹ ሌሎች ናቸው፤ በሪፋምፒሲን ፋንታ ሪፋፔንቲን፣ በኢታምቡቶል ፋንታ ሞክሲፍሎክሳሲን ገብቶበታል። የስድስት ወሩን መድኃኒት በአራተኛው ወር ማቆም ከዚህ ጋር አይገናኝም። ይልቁንም በ2014 የታተሙትን ሙከራዎች ተመልከት አለው። እዚያ አዲስ መድኃኒት ገብቶ ሕክምናው ወደ አራት ወር ሲያጥር፣ የታካሚዎቹ አክታ ከወትሮው ፈጥኖ ነበር የጠራው። መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ ግን ያገረሸባቸው በዙ። ፈጥኖ የጠራ አክታ ለመዳን ዋስትና እንዳልሆነ በግልጽ የታየበት ነው።

ወጣቱ መልስ አልሰጠም። የልብ ምልክት ግን ተጭኗል።

መልስ 12

ከዚህ በኋላ ክሩ ወጣ አለ። አንዲት ሴት፣ ስለ ወረቀት የሚወራው ሁሉ አስቆጥቷታል። በየጠዋቱ ጤና ባለሙያ እያየው ክኒን ለመዋጥ ተሰልፎ ከሥራ የሚባረር ሰው የጎደለው ዓረፍተ ነገር አይደለም፤ መድኃኒቱን ቤቱ ወስዶ ይዋጥ አለች። ሌላው ደግሞ በዓይን እያዩ ማስዋጥ ቀረ ማለት ሰው ቀረ ማለት ነው ብሎ ተነሳባት። ተቀባበሉ። ስድብ ቀረሽ ሲሆን የመድረኩ ተቆጣጣሪ ገብቶ ሁለቱንም አስጠነቀቀ። ይህ ክርክር አልተቋጨም፤ እኔም ብሆን የሴትዮዋ ቁጣ ይገባኛል።

መልስ 13

መለስ ያደረገችን ሁለተኛዋ፣ የብርቱካናማ ሽንቷ ሴት ናት። የእግሯ ጣቶች ላይ መደንዘዝና መጠዝጠዝ እንደነበራት፣ ወረቀቱ ምንም ቢፈጠር አታቋርጪ ስለሚል ለወራት ዝም ብላ እንደተሸከመችው ጻፈች። ስትናገር ቫይታሚን ቢ6 ተጨመረላትና ቀስ በቀስ ለቀቃት።

ሐኪሙ ይህን ሲያነብ ያቺን ደማቅ መስመር ዛሬውኑ አውጪያት ብሎ ለነርሷ ጻፈ። ምንም ቢፈጠር የሚለው ቃል ሰው ሊገድል ይችላል። የዓይኑ ነጭ ቢጫ የሆነበት፣ የሚያስመልሰው፣ ምግብ ጨርሶ የዘጋው፣ በቀኝ ጎኑ ከጎድን አጥንቱ በታች የሚያመው ሰው ጉበቱ እየተጎዳ ሊሆን ይችላል። ይህ ሰው ክኒኑን አቁሞ በዚያው ቀን መምጣት አለበት። ዓይኑ የደበዘዘበት ወይም ቀይና አረንጓዴ መለየት ያቃተው ሰውም እንዲሁ፤ እሱ የኢታምቡቶል ነገር ነው። ለነዚህ ሰዎች ሕክምናው አያበቃም። ጉበቱ ሲረጋጋ መድኃኒቶቹ አንድ በአንድ ይመለሳሉ፣ ወይም ይቀየራሉ። ማቅለሽለሽ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የእግር መደንዘዝ ደግሞ ክኒኑን እየወሰዱ የሚነገሩ ናቸው።

ሦስተኛው እዚህ ጋ ብቅ አለ። አቁም አታቁም የሚል ወረቀት ሰውን ግራ ያጋባል አለ። አንድ ሰው ደግፎታል፤ እኔ አልደገፍኩትም።

መልስ 14

ነርሷ አዲሱን ረቂቅ ለጠፈች። የመጀመሪያው ወረቀት በሽንት ቀለሙ ይጀምራል፣ ከዚያ አቁሞ ወዲያው መምጣት የሚያስፈልግባቸው ምልክቶች ይከተላሉ፣ የረሳ ሰው ምን እንደሚያደርግም አለበት። ሁለተኛዋ ትንሽ ወረቀት ክኒኑ ሲቀየር የምትሰጥ ናት። አዲሱ ክኒን ቫይታሚን አለመሆኑን፣ ከፊተኛው አራቱ መካከል ሁለቱ በውስጡ እንዳሉ ትናገራለች። ውጤቱ ኔጌቲቭ መባሉ መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን እንደሚያሳይ፣ በማይክሮስኮፕ የማይታዩ ጥቂቶች ግን ተኝተው እንደቀሩ፣ አሁን የሚቆም ከሆነ እነሱ እንደሚነሱ ትገልጻለች። መላመድ የሚለው ቃል አንዴ ብቻ ነው የተጠቀሰው፤ መውሰድና መተው ለሚያፈራርቅ ሰው።

የተኙትን ለማስረዳት ከአመድ ሥር ያለ ረመጥ የሚል ምሳሌ ተጠቅማለች። አንዱ ወዲያው ረመጥ አይቶ የማያውቅ ትውልድ መጥቷል ብሎ ቀለደ፤ ሌላው ምሳሌው እንዳይወጣ ለመነ። በዚህ ብቻ አሥራ ምናምን መልስ ተጻፈ።

መልስ 15

የታካሚው እህት ናት። ሁለተኛዋን ወረቀት ለወንድሟ አስነብባዋለች። አንድ ጥያቄ ነበረው፦ ይህችን ወረቀት የሚሰጠው ማን ነው? የኔጌቲቩን ውጤት የሰጠው ሌላ መስኮት፣ ክኒኑን የሰጠው ሌላ መስኮት ነበር። ነርሷ በራሷ ክፍል ሦስቱንም አንድ ላይ እንድትሰጥ ለማድረግ አለቃዋን እንደምታናግር መለሰች። ይህን እስከጻፍኩ ድረስ አለቃዋ ያሉትን አልለጠፈችም።